ሀብሉ ተተብትቧል፣ ኦፓሉ ተጭሯል፦ ጌጥ ይዞ ለሚጓዝ

ለሰርግ ስትሄዱ ጌጡን ሁሉ በአንድ ከረጢት ከጨመራችሁት፣ ስትደርሱ ከሚከተሉት ችግሮች አንዱ አይቀርላችሁም።

ቀጭኑ ሀብል ተቋጥሯል

ምክንያቱ ክፍት የተተወ መቆለፊያ ነው። ሻንጣው በተነቃነቀ ቁጥር ነፃው ጫፍ በሌላው ሀብል ስር እየሾለከ ይገባል። በጥፍር አትጎትቱት፣ ቀጭን ሀብል የሚበጠሰው ያኔ ነው። መጀመሪያ ማንጠልጠያውን አውጡ። ሀብሉን ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ዘርጉና ቋጠሮው ላይ አንድ ጠብታ የሕፃናት ቅባት ጣል አድርጉ። ከዚያ ሁለት መርፌ ቋጠሮው መሃል አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ውጭ አላሉት፤ አንዷ ቀለበት ስትለቅ ሌላውም ይከተላል። ሲያልቅ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እጠቡት።

ለቀጣዩ ጉዞ አንዱን ጫፍ በስትሮ ውስጥ አሳልፋችሁ መቆለፊያውን ዝጉ። 45 ሳንቲሜትር ለሆነ ሀብል አንድ ሙሉ ስትሮ ይበቃል፣ አጭር ከሆነ ስትሮውን ቁረጡት።

ፈርጡ ላይ ጭረት ወጥቷል

የወሎ ኦፓል ውብ ነው፣ ግን ለስላሳ ነው። ከ10 በሚለካው የጥንካሬ መለኪያ 6 አካባቢ ነው፤ ሰንፔር 9፣ አልማዝ ደግሞ 10። ስለዚህ ከአልማዝ ቀለበት ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ከገባ የሚጫረው ሁሌም ኦፓሉ ነው። ብዙ ሰው የማያስበው ግን አቧራውን ነው። አቧራ ውስጥ 7 የሚደርስ ጥንካሬ ያለው የአሸዋ ብናኝ ስላለ፣ ፈርጡን በደረቅ ሶፍት ስትጠርጉት እየጫራችሁት ነው። መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። የወጣውን ጭረት በጥርስ ሳሙና ለማጥፋት አትሞክሩ፣ ይብስበታል፤ ፈርጥ የሚያለሰልስ ባለሙያ ጋ ውሰዱት። ስታስቀምጡት ለብቻው በለስላሳ ጨርቅ ከረጢት ይሁን።

ኦፓሉ እንደ መስታወት ጠርቶ ቀለሙ ጠፍቷል

አትደንግጡ፣ ውሃ ጠጥቶ ነው። የወሎ ኦፓል ውሃ ይመጥጣል፣ ሲደርቅ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙ ይመለሳል። ቤት ውስጥ ጥላ ቦታ አስቀምጡትና ታገሱ፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። ፀሐይ ላይ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ካቻኮላችሁት ሊሰነጠቅ ይችላል። ቅባት ወይም ሽቶ ከገባበት ግን ቀለሙ ላይመለስ ይችላል፣ ከላይ ማንጠልጠያውን መጀመሪያ አውጡ ያልኩት ለዚህ ነው።

ጌጡ መንገድ ላይ ጠፋ

ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው ለአየር መንገዱ ካስረከባችሁት ሻንጣ ውስጥ ወይም ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ዕቃ የሚቀመጥበት ሳጥን ውስጥ ተረስቶ ነው። ጌጥ ከእጅ ሻንጣ አይውጣ። የፍተሻው ሰልፍ ጋ ሳትደርሱ አውልቃችሁ ዚፕ ባለው ኪስ ቆልፉበት፣ ሳጥኑ ውስጥ እንዲሁ አትጣሉት። ከመነሳታችሁ በፊት እያንዳንዱን በስልክ ፎቶ አንሱ፣ የወርቅ ቤቱን ደረሰኝም ጭምር፤ ዋናውን ደረሰኝ ግን ቤት ተዉት።