ያው ገንዘብ፣ ያው ዓመት፦ አሜሪካ ኢንቨስት ስናደርግ ታክስ የሚበላብን የት ነው?

ዕቁብ ደርሷችሁ 10,000 ዶላር እጃችሁ ገባ እንበል። በዓመት 7 በመቶ የሚያድግ ነገር ገዝታችሁ 30 ዓመት አቆያችሁት። ታክስ ካልነካው 76,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። ትርፉ በየዓመቱ እንደ ደመወዝ 22 በመቶ ከተቆረጠበት ግን 49,000 አካባቢ ላይ ይቆማል። የጎደለው በየዓመቱ የተቆረጠው ብቻ አይደለም። የተቆረጠው ቢቆይ ኖሮ ይወልድ የነበረውም አብሮ ሄዷል። ይህ ጉድለት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከገዛነው ነገር ሳይሆን ከምንሠራቸው ጥቂት ስህተቶች ነው።

ቶሎ ቶሎ መሸጥ

ተራ የኢንቨስትመንት አካውንት ላይ አክሲዮን ሲያድግ ታክሱ የሚመጣው ስትሸጡ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ አብዛኛው ሰው በትርፉ ላይ ለፌደራል 15 በመቶ ይከፍላል፤ ገቢው ዝቅ ያለ ደግሞ ምንም ላይከፍል ይችላል። ዓመት ሳይሞላው ከተሸጠ ግን ትርፉ እንደ ደመወዝ ይታያል።

3,000 ዶላር ያተረፈ ሰው በ11ኛው ወር ቢሸጥና 22 በመቶው የታክስ እርከን ላይ ቢሆን 660 ዶላር ይከፍላል። ዓመቱን አሳልፎ ቢሸጥ 450 ነበር። ትልቁ ነገር ግን ሳይሸጡ መቆየቱ ነው። ያ 10,000 ዶላር 30 ዓመት ሳይሸጥ ቆይቶ መጨረሻ ላይ አንዴ 15 በመቶ ቢከፈልበት 66,000 ገደማ ይቀራል። በየዓመቱ የሚከፈል ዲቪደንድ ካለው ትንሽ ይቀንሳል።

ወለድ የሚከፍለውን ተራ አካውንት ውስጥ ማስቀመጥ

የአብዛኛው ቦንድና የቁጠባ ወለድ ብትነኩትም ባትነኩትም በዓመቱ ይታከሳል፣ ያውም በደመወዝ መጠን። ስለዚህ ቦንድ የሚይዝ ሰው የጡረታ አካውንት ካለው ቦንዱን እዚያ ቢያደርገው ይሻላል። ለክፉ ቀን የተያዘው ገንዘብ ግን ባንክ ይቀመጥ። እሱ ለማደግ አይደለም የተቀመጠው።

«ሮት ሁልጊዜ ይበልጣል» ማለት

ቡና ላይ የምንከራከርበት ነገር ነው። ሮት ታክሱን ስታስገቡ ከፍላችሁ ስታወጡ የማትከፍሉበት የጡረታ አካውንት ነው፤ ባህላዊው ደግሞ ታክሱን ስታወጡ የምትከፍሉበት። ሒሳቡ ግን ቀላል ነው። 1,000 ዶላር በባህላዊው 401ኬ፣ ማለትም በአሠሪ በኩል በሚከፈተው የጡረታ አካውንት፣ ሳይታከስ ገብቶ አራት እጥፍ ቢሆን 4,000 ነው፤ ስታወጡት 22 በመቶ ሲቆረጥ 3,120 ይቀራል። በሮት ከሆነ መጀመሪያ 22 በመቶ ይቆረጥና 780 ይገባል፣ አራት እጥፍ ሲሆን ያው 3,120 ነው። አንድ ሳንቲም ልዩነት የለም።

ልዩነት የሚያመጣው የታክስ እርከናችሁ ነው። ዛሬ 10 ወይም 12 በመቶ የሚከፍል ጀማሪ ሠራተኛ በሮት ቢገባ ይሻለዋል። በጥሩ ደመወዝ ላይ ያለና ጡረታ ሲወጣ ገቢው የሚቀንስ ነርስ ደግሞ ለባህላዊው ያደላል።

ሥራ ሲለቁ 401ኬን በቼክ ማውጣት

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የአክስቴ ልጅ ሥራ ቀየረና 20,000 ዶላር ነበረው። አዲስ አበባ ለጀመረው ቤት ፈልጎት «ላኩልኝ» አለ። 16,000 ደረሰው። 4,000 ዶላሩ በሕግ ለታክስ ተያዘ። ጉዳዩ እዚያ ያለቀ መስሎት ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ታክስ ሲሠራ ዕዳው ወጣ። 22 በመቶው 4,400 ነው። ዕድሜው 59 ዓመት ተኩል ስላልሞላ 10 በመቶ ቅጣት፣ ማለትም 2,000 ተጨመረ። ድምሩ 6,400 ሲሆን ቀድሞ የተያዘው 4,000 ብቻ ነው። 2,400 ዶላር ጨምር ተባለ። የስቴቱ ታክስ ገና አልተቆጠረም።

መውጫው ቀላል ነበር። ገንዘቡ በእጁ ሳያልፍ ከአሮጌው 401ኬ በቀጥታ ወደ አዲሱ ወይም ራሱ ወደሚከፍተው የጡረታ አካውንት፣ ወደ አይአርኤ፣ እንዲዛወር መጠየቅ። «ዳይሬክት ሮልኦቨር» በሏቸው፣ ቃሉን ያውቁታል። ቼኩ በስማችሁ ከወጣ መልሳችሁ ለማስገባት 60 ቀን አላችሁ፤ ግን የተያዘውን 4,000 ከኪሳችሁ ሞልታችሁ ነው። ካልሞላችሁ የጎደለው ከጡረታው እንደ ወጣ ገንዘብ ይቆጠርና ታክስና ቅጣት ይመጣበታል።

አስገብቶ አለመግዛት

ይህንን የሠራሁት እኔው ነኝ። ሮት አይአርኤ ከፈትኩ፣ ገንዘብ አስገባሁ፣ ኢንቨስት አደረግኩ ብዬ ተኛሁ። አይአርኤ ግን ኪስ ብቻ ነው። ውስጡ ፈንድ ካልገዛችሁበት ገንዘቡ ጥሬ ገንዘብ ሆኖ ይቀመጣል። ታክስ የማይነካው ዕድገት የሚባለው ደግሞ ዕድገት ሲኖር ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቼ ስከፍተው ስክሪኑ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ Cash። ፈንድ ተገዝቶ ቢሆን ስሙና የያዝኩት ድርሻ ብዛት ከሥሩ ይታይ ነበር። በዚያው ምሽት ገዛሁና ከዚያ ወዲህ የማስገባው በየወሩ ራሱ እንዲገዛ አዘዝኩት።