«ምርጥ ጥራት» የሚለውን ማስታወቂያ ደንበኛ ራሱ ሊያጣራው ወደሚችል ነገር እንዴት እንቀይራለን? (በሶፋ ምሳሌ)

ቴሌግራም ላይ ሶፋ የሚሸጡ ቻናሎችን ክፈቱና ፎቶውን ትታችሁ ፅሁፉን ብቻ አንብቡ። «ምርጥ ጥራት፣ ተወዳዳሪ የሌለው አገልግሎት፣ በተመጣጣኝ ዋጋ።» የአንዱን ፅሁፍ ሌላው ላይ ብትለጥፉት ማንም አይነቃም። ደንበኛውም ለምዶታል፣ ዘሎት «ስንት ነው?» ብቻ ይላል፣ ከዛ ክርክሩ ሁሉ ዋጋ ላይ ይሆናል። እስቲ የአንድ ሶፋ ቤት ማስታወቂያ ይዘን እንቀይረው።

1. ውሸት መሆኑ ሊታወቅ የማይችለውን ሀረግ ለዩ

እያንዳንዱን ሀረግ ይዛችሁ «ይሄ ውሸት ቢሆን ደንበኛው በምን ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ምርጥ ጥራት» ላይ መልስ የለም። ውሸት መሆኑን ማንም ማሳየት አይችልም፣ ለዛም ነው ማንም የማያምነው። ከስሩ መስመር አስምሩና እለፉ።

2. ደንበኛ የሚያማርርበትን ነገር ፈልጉና በቁጥር መልሱለት

ሶፋ ላይ ትልቁ ሮሮ «በስድስት ወሩ ጎደጎደ» ነው። ይሄ አብዛኛውን ጊዜ የስፖንጅ ጉዳይ ነው፣ ስፖንጅ ደግሞ ዴንሲቲ የሚባል ነገር አለው፣ ማለትም አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ይመዝናል ነው ጥያቄው። በየቀኑ ለሚቀመጡበት 30 እና ከዛ በላይ ይመረጣል፣ 18 ወይም 20 የሆነው ለመደገፊያ ይሆናል እንጂ መቀመጫ ላይ ቶሎ ይተኛል።

ግን «ዴንሲቲ 30» ብሎ መፃፍ ብቻ አይበቃም፣ ደንበኛው በምን ያጣራ? ሂሳቡን እናንተ ስሩለት። መቀመጫው 60 በ60 ሴንቲ፣ ውፍረቱ 15 ከሆነ 0.6 × 0.6 × 0.15 = 0.054 ሜትር ኩብ ነው፣ በ30 ሲባዛ 1.62 ኪሎ ይመጣል። ያው ስፖንጅ ዴንሲቲው 20 ቢሆን 1.08 ኪሎ ነው፣ ልዩነቱ በሰፈር ሱቅ ሚዛንም ይታያል። ስለዚህ እንዲህ ይፃፋል፦

«መቀመጫው ዴንሲቲ 30 ስፖንጅ ነው። ዚፑን ከፍተው ስፖንጁን ብቻ ይመዝኑት፣ 1 ኪሎ ከ600 ግራም አካባቢ ነው።»

ከመለጠፋችሁ በፊት ግን ስፖንጁን ራሳችሁ መዝኑ፣ አቅራቢው 30 ነው ብሎ ሌላ ሊሰጣችሁ ይችላል። ክብደት ለመጨመር ዱቄት የሚቀላቀልበት ስፖንጅም ስላለ ሚዛን ብቻውን ሁሉን አይነግርም። ዴንሲቲና ጥንካሬም አንድ አይደሉም፣ ዴንሲቲው ከፍ ብሎ ለስላሳ የሆነ አለ፣ ስለዚህ «በጣም ምቹ» የሚለውን ሰርዙና መጥቶ ይቀመጥበት።

3. «አገልግሎት»ን በቀንና በብር ፃፉት

ደንበኛው አገልግሎት ሲል መቼ ይደርሳል፣ ማን ያወጣዋል፣ ብትዘገዩስ ምን ይሆናል ማለቱ ነው። በተለይ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው የማውጫ ሂሳቡ ትልቅ ነገር ነው፣ ሶፋው በር ላይ ደርሶ ከወዛደር ጋር ጭቅጭቅ የሚጀመረው እዛ ነው።

ቀኑን ስትወስኑ አማካዩን አትውሰዱ። የመጨረሻዎቹን 20 ኦርደሮች ደረሰኝ አውጡና ከቀብድ እስከ ማድረስ የፈጀውን የስራ ቀን ፃፉ። ብዙዎቹ በ8 ቀን ደርሰው ጥቂቶቹ ጨርቅ ጠፍቶ 12 ከፈጁ፣ የሚፃፈው 12 ነው፣ 8 ብትሉ የዘገየባቸው ሰዎች ኮመንት ላይ ይጠብቋችኋል።

«ቀብድ ከከፈሉ በ12 የስራ ቀን እናደርሳለን። እስከ 4ኛ ፎቅ ማውጣት በኛ ወጪ ነው። ከዘገየን በየቀኑ 300 ብር ከቀሪው ክፍያ ይቀነሳል።»

የቅጣቱ ብር ምሳሌ ነው፣ ስትከፍሉት የማያስለቅሳችሁን አድርጉት። የማትከፍሉት ከሆነ ግን ከነጭራሹ አትፃፉ።

4. ዋስትናው ከህጉ በላይ ይሁን

«ጉድለት ካለው በ15 ቀን እንቀይራለን» ብሎ እንደ ስጦታ የሚፅፍ አለ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሰረት እኮ ሸማቹ ጉድለት ያለበት እቃ ከገዛ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ብሬ ይመለስ ማለት መብቱ ነው፣ ምንም አልጨመራችሁም። የምትጨምሩትን ፃፉ፣ የማይሸፍነውንም እዛው፦

«ፍሬሙ ለ2 ዓመት። ከተሰበረ ቤትዎ መጥተን በ5 ቀን እንጠግናለን። የጨርቅ እድፍና ቀዳዳ አይጨምርም።»

ይሄው ፅሁፍ ቃል በቃል ደረሰኙ ላይም ይግባ፣ የቴሌግራም ፖስት ኤዲት ስለሚደረግ ደንበኛው እጁ ላይ ማስረጃ የለውም።

5. የቀረውን ሰርዙ

«ከምርጥ እንጨት የተሰራ» የሚል ቀርቷል እንበል። ዋንዛ ከሆነ ዋንዛ በሉ፣ ባህር ዛፍ ከሆነም በሉት፣ ደንበኛው ከስር ያለውን ጨርቅ ገልጦ የሚያይበት ቦታ ተዉለት። እንጨቱ ምን እንደሆነ ራሳችሁም ካላወቃችሁ አረፍተ ነገሩ ይውጣ። ከዛ ለሶፋ ባዕድ ለሆነ ሰው ማስታወቂያውን አስነብቡና በእያንዳንዱ መስመር «ይሄን እንዴት ታጣራለህ?» በሉት። «እ...» ያለበት መስመር ገና አላለቀም።