የአስቤዛ ወጪ ለመቀነስ ሲባል የሚሠሩ ስህተቶች

ኩንታሉን በሙሉ ማስፈጨት

ጤፍ በኩንታል መግዛት፣ በተለይ አዲሱ ምርት ገበያውን በሚሞላበት ወቅት፣ ያዋጣል። እህሉ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ዓመትም ይቆያል፤ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ እንደ በቆሎና ስንዴ አይደፍረውም። ታዲያ ወፍጮ ቤት መመላለስ ሰለቸኝ ተብሎ 100 ኪሎው በአንድ ቀን ይፈጫል! የሚቆየው እህሉ እንጂ ዱቄቱ አይደለም። ዱቄት ከወፍጮ የሚወጣው ሞቆ ነው። እንደሞቀ ማዳበሪያ ውስጥ ሲታሰር ወበቁ መውጫ ያጣና ወደ እርጥበት ይለወጣል፤ ዱቄቱ ይጓጉላል፣ ቆይቶም ይሻግታል። እጅዎን እስከ መሃል ሲከቱ የእርጥብ ጓዳ ሽታ ከሸተተዎ ጉዳቱ ጀምሯል ማለት ነው።

በወር የሚበቃዎትን ብቻ ያስፈጩ። ዱቄቱን ንጹሕ አንሶላ ላይ ዘርግተው እስኪበርድ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይክደኑት። የእህሉን ማዳበሪያ ሲሚንቶ ላይ ሳይሆን እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ፈቀቅ አድርገው ያቁሙት። ሽምብራና አተር ግን እንደ ጤፍ አይታገሡም፣ ነቀዝ ይወዳቸዋል። ብዙ ከገዙ ቶሎ ለቅመው፣ ቆልተው ሽሮ ያድርጓቸው።

እንጀራ ሳይቆጥሩ መጋገር

በቀን 8 እንጀራ የሚበላ ቤት ለ5 ቀን ብሎ 40 ይጋግራል እንበል። እንጀራ ከሞሰብ ውስጥ በ4ኛው ቀን ገደማ ይሻግታል። የመጨረሻው ቀን 8 እንጀራ ከተጣለ፣ በወር 6 ጊዜ ሲጋገር 48 እንጀራ ይሆናል። ጤፉን በርካሽ መግዛትዎ የት ደረሰ?

በየ3 ቀኑ 24 መጋገር ይሻላል፤ ምጣዱ ደጋግሞ ሲሰማ የሚፈጀው መብራት የተወሰነ ትርፉን ይበላል፣ ያም ሆኖ ከሚጣለው እንጀራ ይቀላል። ትኩስ በትኩስ አይደራርቡ፣ እንፋሎቱ ሻጋታን ያፋጥናል። የተረፈውን በ3ኛው ቀን፣ ሳይሻግት፣ ቆራርሰው ድርቆሽ ያድርጉት። ሻጋታውን ፍቆ ማድረቅ ግን ቁጠባ አይደለም፤ የማይታየው ውስጥ ድረስ ገብቷል።

ቅቤ በፋሲካ ዋዜማ መግዛት

የዋዜማ ገዢ ሁልጊዜ በውድ ይገዛል። ሑዳዴ መሃል ላይ ፈላጊው ሲቀንስ ገዝተው ያንጥሩት፤ ውሃውና አሬራው ስለሚወጣ ለወራት ይቀመጣል። ለጋውን እንዳለ ካቆዩት ግን ይበላሻል። ደግሞ 1 ኪሎ ለጋ ሲነጠር 1 ኪሎ አይሆንም፤ ከተነጠረው ቅቤ ጋር ዋጋ ሲያወዳድሩ ይህን አይርሱ።

ሽንኩርት በፌስታል ማስቀመጥ

ያልበዋል። ጠፍጣፋ ቅርጫት ላይ አየር በሚያገኝበት ይዘርጉት፣ የለሰለሰውን ቀድመው ለወጥ ያውሉት።