«ትኩረቱን ያሻሽላል» የሚለውን ግብ እንዴት አስቀየርነው

ልጄ ኤዲኤችዲ የሚባል፣ ትኩረት መሰብሰብና ረግቶ መቀመጥ የሚያስቸግር ችግር አለበት። አምና በተዘጋጀለት የግል የትምህርት እቅድ ላይ የሰፈረው ግብ «ትኩረቱን ያሻሽላል» የሚል ብቻ ነበር። ዓመቱ አለቀ፤ ተሻሻለ አልተሻሻለ የሚያውቅ የለም። ጥፋቱ የእኛም ነው፤ «አይቀመጥም፣ አይሰማም» ከማለት በቀር እቅዱ በወጣበት የትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ይዘን የቀረብነው ነገር አልነበረም።

ዘንድሮ ከስብሰባው በፊት ለ10 የትምህርት ቀናት የቤት ሥራውን መዘገብኩ፦ ስንት ሰዓት ተቀመጠ፣ መቼ መጻፍ ጀመረ፣ ስንቴ ጎተጎትኩት፣ የት ላይ ተወው። (እሱ ሲያየኝ አልጻፍኩም፤ የምሰልለው እንዳይመስለው።) ያልጠበቅኩት ወጣ። የከበደው ሒሳቡ ሳይሆን መጀመሩ ነው፤ እርሳስ እስኪያነሳ 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። 20 ጥያቄ ያለበት ገጽ ሲያይ ይሸሻል፤ ያንኑ ወረቀት አጥፌ 5ቱን ብቻ ሳሳየው ግን ይጨርሳል።

መምህርቱም ክፍል ውስጥ ይህንኑ ለአንድ ሳምንት እንዲያዩልኝ ጠየቅኳቸው፤ የእቅዱ ረቂቅም ቀድሞ እንዲላክልን። የሁለታችን ምዝገባ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ክርክሩ አጠረ። ግቡ እንዲህ ሆነ፦ «የጽሑፍ ሥራ ሲሰጠው፣ ከ5 ጊዜ 4ቱን፣ አንዴ ብቻ ተነግሮት በ3 ደቂቃ ውስጥ ይጀምራል»። መምህርቱ በየሳምንቱ እንደሚመዘግቡትም እቅዱ ውስጥ ገባ።

አንድ ነገር ሊያመልጠን ነበር። «ጥያቄዎቹ እንደ አስፈላጊነቱ ተከፋፍለው ይሰጡታል» ይላል ረቂቁ። አስፈላጊነቱን ማን ይወስናል? «በእያንዳንዱ የጽሑፍ ሥራ» ተብሎ እስኪስተካከል አልፈረምንም።