አርታኢ ከመቅጠራችሁ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ

ጽሑፋችሁ አለቀ እንበል። ስለ ጎንደር ነው፤ ግማሹ ታሪክ፣ ግማሹ ከአዛውንቶች የሰበሰባችሁት ወግ። 120 ገጽ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፋይሉን በቴሌግራም ይልክና «እስቲ አስተካክልልኝ» ይላል። ጠቡ የሚጀምረው ከዚችው ቃል ነው። «አስተካክል» ሲባል አንዱ አርታኢ ምዕራፍ ያፈርሳል፣ ሌላው አራት ነጥብ ብቻ ለቅሞ ይመልሳል። እኔ በሁለቱም በኩል ሠርቻለሁ፤ አርሜያለሁ፣ አሳርሜያለሁም። ገንዘብም ወዳጅነትም የሚተርፈው ሥራው ከመጀመሩ በፊት በሚጻፍ አንድ ገጽ ነው።

የምትፈልጉትን ሥራ ለዩ። ሥራው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ይዘቱን ማየት ነው፤ ምዕራፉ ቦታው ነው ወይ፣ ታሪኩ ይያያዛል ወይ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገሩን ማቃናት ነው። ሦስተኛው የፊደልና የሥርዓተ ነጥብ እርማት ነው። የመጨረሻው የሚመጣው ገጹ ተሰናድቶ ለማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል ነው። ሦስቱን በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው አትጠብቁ። ሊሰረዝ የሚችል አንቀጽ ላይ ፊደል ማስለቀም ገንዘብ ማባከን ነው።

ሰው ፈልጉና አሠርታችሁ እዩ። ጎንደር ውስጥ ጥሩ አራሚ አይጠፋም። በዩኒቨርሲቲው አማርኛ የሚያስተምሩ፣ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህራን፣ ጋዜጣ ላይ የሠሩ ሰዎች አሉ። ዲግሪ ከመጠየቅ ከራሳችሁ ጽሑፍ አምስት ገጽ ሰጥቶ ማሠራት ይሻላል። ደግሞ ክፈሉበት። ናሙናውን በነፃ ማሠራት አልወድም፤ የሰው ጊዜ ነው። ሲመለስ አራሚው ስንት ስህተት እንዳገኘ ብቻ አትቁጠሩ። እሱ እናንተን ምን እንደጠየቀ እዩ። «ይህ ዓመተ ምሕረት በማን አቆጣጠር ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ዝም ብሎ ካስተካከለው ይበልጣል።

የአጻጻፍ መመሪያ አዘጋጁ። ዋናው ይሄ ነው። አማርኛ ሁሉም የተስማማበት አንድ የፊደል ሥርዓት የለውም። «ጐንደር» የሚል አለ፣ «ጎንደር» የሚል አለ። «ንጉሥ» እና «ንጉስ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ኃይል» እና «ሀይል» ሁሉም መጽሐፍ ላይ ታትመው ታገኟቸዋላችሁ። የጥንቱን የግእዝ አጻጻፍ ትከተላላችሁ ወይስ አንዱን ፊደል መርጣችሁ ሁሉንም በሱ ትጽፋላችሁ? ሁለቱም መንገድ ይሆናል። የማይሆነው ገጽ 10 ላይ «ሥላሴ»፣ ገጽ 40 ላይ «ስላሴ» ማለት ነው።

መመሪያው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ደጋግመው የሚመጡትን ስሞች መርጣችሁ በፈለጋችሁት ፊደል ጻፏቸው፤ ፋሲለደስ፣ ምንትዋብ፣ ቁስቋም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ። ጥቅሱ በ«» ይሁን በሌላ ምልክት፣ «ዓ.ም.» ይሁን «ዓ/ም» ወስኑ።

ዓመተ ምሕረት ደግሞ ለብቻው መስመር ይገባዋል። ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ያደረጉበት ዘመን በፈረንጆቹ 1636፣ በእኛ 1628 ተብሎ ይጻፋል። ምዕራፍ አንድን ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ ምዕራፍ ሦስትን ከአማርኛ ምንጭ ከጻፋችሁ ሁለቱም ቁጥር ጽሑፋችሁ ውስጥ አለ። ያልተነገረው አርታኢ አንዱን ስህተት ብሎ ያርመዋል፤ በቅን ልቦና። ስለዚህ «ሁሉም በኢትዮጵያ አቆጣጠር፤ በፈረንጅ የሆነው እ.ኤ.አ. ይጻፍበት» በሉ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ስለሚሆን፣ ወሩ ካልታወቀ አርታኢው በግምት እንዳይቀይረው ጨምሩበት።

ቀጥሎ የማይነካውን ጻፉ። አንድ ወዳጄ የአያቱን ወግ ቃል በቃል ቀድቶ ጽፎ ነበር። ሴትዮዋ «እንጅ» እና «ሂጅ» ይላሉ፤ የጎንደር ሰው አነጋገር ነው። አርታኢው ሁሉንም «እንጂ» እና «ሂጂ» አድርጎ መለሰው። በሰዋስው መጽሐፍ ልክ ነው፤ የአያትየው ድምፅ ግን ከወረቀቱ ጠፋ። «በጥቅስ ውስጥ ያለ የተናጋሪ ቃል እንዳለ ይቆይ» የሚል አንድ መስመር ይህን ያስቀረው ነበር።

ስለ አቋራጭ አንድ ነገር። ፊደል ለማስማማት ብሎ ፋይሉን በሙሉ በአንድ ጊዜ ፈልጎ መተካት አደገኛ ነው። «ሰ»ን በ«ሠ» ተካ ስትሉት «ሠራ» ይስተካከልላችሁና «ሰው» «ሠው» ይሆናል። መተካት ካስፈለገ ሙሉ ቃሉን ጻፉና አንድ በአንድ እያያችሁ እለፉ።

ፋይሉን ስታስረክቡ። ጽሑፉ በድሮ የግእዝ ሶፍትዌር ተተይቦ ከሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይከፈታል። ለማወቅ አንድ አንቀጽ ቀድታችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። አማርኛው ከተነበበ ዩኒኮድ ነው። ካልተነበበ መጀመሪያ ይቀየር። ፒዲኤፍ አትላኩ፤ የወርድ ፋይል ላኩ። Track Changes ተከፍቶ ይሠራ፤ ምን እንደተነካ የሚታየው በሱ ነው። ስሙን `gondar_v1.docx` በሉት፣ ሲመለስ `gondar_v2.docx` ይሁን። አርታኢው ጋ ያለውን ፋይል እሱ እስኪመልሰው ድረስ እናንተ አትንኩት። አዲስ ሐሳብ ከመጣ ሌላ ወረቀት ላይ ያዙት።

ሁለት ዙር ይበቃል። በመጀመሪያው ዙር አርታኢው ያርማል፣ በኅዳግ ይጠይቃል። እናንተ እያንዳንዱን ትቀበላላችሁ ወይም ትመልሳላችሁ፤ ለጥያቄው ሁሉ መልስ ትጽፋላችሁ። በሁለተኛው ዙር እሱ መልሳችሁን አስገብቶ ያጠራል። በመካከል አዲስ ምዕራፍ ከጨመራችሁ አዲስ ሥራ ነው፣ ለብቻው ይከፈላል። ይህን ከመጀመሪያው ተነጋገሩበት።

ክፍያው። በገጽ መዋዋል አልመክርም። የፊደሉን መጠን ከ14 ወደ 12 ዝቅ ስታደርጉት ገጹ ይቀንሳል፤ ሥራው ግን አይቀንስም። በቃል ቁጠሩ። 120 ገጽ፣ በገጽ 300 ቃል ቢታሰብ 36,000 ቃል ነው። አምስቱ የናሙና ገጾች፣ 1,500 ቃል ማለት ነው፣ ሁለት ሰዓት ከፈጁ፣ በሰዓት 750 ቃል ይታረማል። ሙሉው 48 ሰዓት ይፈጃል። ለሁለተኛው ዙር 12 ሰዓት ጨምሩበት፤ 60 ይሆናል። ለምሳሌ በሰዓት 250 ብር ከተስማማችሁ 15,000 ብር ነው። አርታኢው ከዚህ በጣም ዝቅ ያለ ዋጋ ከጠራ አትደሰቱ፤ ወይ ሰዓቱን አላሰበውም፣ ወይ ሳያነብ ሊያልፍ ነው። ስሌቱን አሳዩትና እንደገና ተነጋገሩ።

ሲሦውን ሥራው ሲጀመር፣ ሲሦውን የመጀመሪያው ዙር ሲመለስ፣ የቀረውን ሲያልቅ ክፈሉ። በዚህ ምሳሌ በየጊዜው 5,000 ብር ነው። «መጽሐፉ ሲሸጥ እከፍልሃለሁ» የሚባለው ውል አይደለም። አርታኢው የሸጠው ጉልበቱን ነው፤ የገበያው ዕጣ የደራሲው ነው።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመላካችሁ በፊት ከአርታኢው ሁለት ነገር ተቀበሉ፦ ማስተካከያው ሁሉ የገባበትን ንጹሕ ፋይል፣ እና በሥራው ጊዜ የጨመረባቸውን ቃላት የያዘውን መመሪያ። ገጹን የሚያሰናዳው ሰውም፣ የመጨረሻውን የፊደል እርማት የሚሠራውም ያንኑ መመሪያ ይዘው ይሥሩ።