ከስድስት ወር በኋላ የምንገዛውን ዶላር ዋጋ ዛሬ መቁረጥ፦ የፎርዋርድ ውል ስሌት

ድሬዳዋ ውስጥ የውሃ ፓምፕ አስመጣለሁ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የሐሮማያና የአወዳይ ገበሬዎች ናቸው። በ2016 ክረምት የ20,000 ዶላር ፓምፕ አዘዝኩ። ዶላሩን በ57 ብር አስልቼ ለገዢዎቼ ዋጋ ቆረጥኩላቸው፤ ቀብድም ተቀበልኩ። ለአቅራቢው የምከፍለው የዕቃው መላኪያ ሰነድ ሲደርስ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀ። ሰነዱ ሲደርስ ዶላሩ ከ100 ብር አልፎ ነበር። 1,140,000 ብር ብዬ የያዝኩት ክፍያ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ቀብድ የተቀበልኩበትን ዋጋ ማፍረስ ስላልቻልኩ ልዩነቱን ከኪሴ ከፈልኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ፎርዋርድ ውልን ቁጭ ብዬ የተማርኩት። ነገሩ ቀላል ነው። ዛሬ ከባንክ ጋር ትዋዋላላችሁ፤ መጠኑ፣ ቀኑና ምንዛሬው ዛሬ ይቆረጣል፤ ብርና ዶላሩ የሚለዋወጡት ግን በዚያ ቀን ነው።

መጀመሪያ ሦስት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ስንት ዶላር፣ መቼ እንደምትከፍሉ፣ የዕለቱ ምንዛሬ። ከዚያ የሁለቱን ገንዘብ ወለድ ፈልጉ። የብሩ ወለድ ባንክ የሚያበድርበት ነው፤ የዶላሩ ደግሞ ዶላር ቢቀመጥ የሚያስገኘው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ የፎርዋርድ ዋጋ ባንኩ «ዶላር እዚህ ይደርሳል» ብሎ የሚገምተው ይመስለኝ ነበር። ግምት አይደለም። ባንኩ ራሱን ለመጠበቅ ምን እንደሚያደርግ ብናይ ይገባናል።

ለስሌት እንዲመቸን ዶላር ዛሬ 150 ብር፣ የብር ወለድ በዓመት 16 በመቶ፣ የዶላር 4 በመቶ ነው እንበል። ከስድስት ወር በኋላ 20,000 ዶላር እፈልጋለሁ። ባንኩ ያን ቀን ዶላር ፍለጋ እንዳይሮጥ ዛሬውኑ ገዝቶ ያስቀምጠዋል። ግን 20,000 ሙሉውን መግዛት አያስፈልገውም። በስድስት ወር 2 በመቶ ስለሚወልድለት 19,608 ዶላር ገደማ ይበቃዋል። ይህ ዛሬ 2,941,176 ብር ያስወጣዋል። በዚህ ብር ላይ ደግሞ የስድስት ወር ወለድ 8 በመቶ አለ፤ ተደምሮ 3,176,470 ብር ይሆናል። ለ20,000 ስናካፍለው አንዱ ዶላር 158 ብር ከ82 ሳንቲም ወጣ። የፎርዋርድ ዋጋው ይሄ ነው።

በአጭሩ ሲጻፍ፦

```
150 × 1.08 ÷ 1.02 = 158.82
```

ስለዚህ የ8 ብር ከ82ቱ ጭማሪ የመጣው ከወለድ ልዩነቱ ነው። ሁለቱ ወለዶች እኩል ቢሆኑ ዋጋው 150 ላይ ይቀር ነበር። ወለዱ ከፍ ያለው ገንዘብ በፎርዋርድ ዋጋው ይረክሳል። ለሐረር ቡና ላኪ ይሄ ጥቅም ነው፤ ወደፊት የሚያገኘውን ዶላር ከዛሬው ከፍ ባለ ዋጋ ይሸጣል።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ወለዱ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ነው የሚነገረው፤ ወደ ውሉ ጊዜ ቀንሱት። እኔ መጀመሪያ ለሦስት ወር ሳሰላ 16ቱንና 4ቱን እንዳለ አስገብቼ 167 ብር ከ31 አወጣሁ። ትክክለኛው 1.04 ለ1.01 ነበር፤ 154 ብር ከ46። በአንድ ዶላር ወደ 13 ብር የሚጠጋ ስህተት ነው። ፓምፑን በዚያ ዋጋ ብተምነው ገበሬው ጥሎኝ ይሄድ ነበር።

አሁን የራሳችሁን ቁጥር ይዛችሁ ባንክ ግቡ። ለስድስት ወሩ 161 ብር ቢሏችሁ፣ ከ158.82 በላይ ያለው የባንኩ ትርፍና የስጋት ዋጋ ነው። በ20,000 ዶላር ከ43,000 ብር በላይ ይሆናል፤ ተደራደሩበት። ቁጥሩን ሳታሰሉ ባንክ መግባትን አልመክርም፤ የሰጧችሁን መቀበል ብቻ ነው የሚሆነው።

ስሌቱ ገደብ አለው። የሚሠራው ባንኩ እንደልቡ ዶላር ገዝቶ ማስቀመጥና ብር መበደር ሲችል ነው። የውጭ ምንዛሬ ቁጥጥር ባለበት፣ ዶላርም እንደልብ በማይገኝበት ጊዜ፣ ባንኩ ከዚህ በጣም የራቀ ዋጋ ሊሰጥ ወይም ጭራሽ አልዋዋልም ሊል ይችላል።

ከመፈረማችሁ በፊት ቀኑን እዩት። ፎርዋርድ ግዴታ ነው። ዶላር ወደ 140 ብር ቢወርድም በ158.82 ትገዛላችሁ። ዕቃው ጅቡቲ ወደብ ላይ ሦስት ሳምንት ቢቆም፣ ሰነዱም ቢዘገይ፣ የውሉ ቀን አይጠብቃችሁም። እኔ ባንኩን በመጀመሪያ የምጠይቀው በአንድ ቀን ፋንታ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» የሚል ውል ይሰጥ እንደሆነ ነው። ትንሽ ይወደዳል፤ ጅቡቲን ለሚያውቅ ግን ዋጋው ያዋጣል። ካልሰጡኝ ከጠቅላላው 20,000 በእርግጠኛ ቀን የምከፍለውን 12,000 ብቻ እዋዋላለሁ።

ለገዢ ዋጋ የምቆርጠውም ውሉን ከፈረምኩ በኋላ ነው፤ በ150 ሳይሆን በውሉ ምንዛሬ።