ማስታወሻው ስልኩን ሲያነሱት ብቻ የሚጮኸው ለምንድን ነው?

ጅማ አካባቢ የታጠበ ቡና አልጋ ላይ የሚያደርቅ ሰው፣ ፀሐይ ሳትከር ቡናውን እንዲሸፍን ስልኩ ከቀኑ 6 ሰዓት እንዲያስታውሰው ሞላ እንበል። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ባትሪ ቆጣቢው በርቷል። 6 ሰዓት አለፈ፣ ድምፅ የለም። 7 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩን አንስቶ ስክሪኑን ሲያበራ ማስታወሻው ያን ጊዜ ይጮኻል።

ዘግይቶ ከመጣ

ማስታወሻው አልጠፋም፤ ተይዞ ነው የቆየው። አንድሮይድ ስልክ ቻርጀር ላይ ሳይሰካ፣ ስክሪኑ ጠፍቶ ሳይነካ ሲቆይ ያንቀላፋል፤ የመተግበሪያዎችን ሥራ አጠራቅሞ አልፎ አልፎ ብቻ ይለቃል። ባትሪ ቆጣቢ ሲበራ ደግሞ ቁጥጥሩ ይበልጥ ይጠነክራል።

«Settings» ውስጥ «Apps» ገብተው የማስታወሻውን መተግበሪያ ይምረጡ፤ «Battery» የሚለውን ከፍተው «Unrestricted» ያድርጉት። አንድሮይድ 12 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ «Special app access» ውስጥ «Alarms & reminders» መፈቀዱንም ይዩ። ስሞቹና ቦታቸው ከስልክ ስልክ ትንሽ ይለያያል።

ሙከራው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከ2 ደቂቃ በኋላ እንዲጮህ ሞልቶ፣ ስልኩን በእጁ ይዞ ይጠብቅና «ይሠራል» ይላል። በ2 ደቂቃ ስልኩ አያንቀላፋም፤ ቻርጀር ላይ ከሆነም እንዲሁ። ከቻርጀር ነቅለው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንዲጮህ ሞልተው፣ እስኪደርስ አይንኩት።

ጭራሽ ካልመጣ

መተግበሪያው «Force stop» ተደርጎ ከሆነ እንደገና እስኪከፈት ድረስ አይጮህም። በአንዳንድ ስልኮች ሚሞሪ የሚያጸዳው መተግበሪያ ይህንኑ ያደርጋል፤ ማስታወሻውን ከሚያጸዳቸው ዝርዝር ያስወጡት። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቶ ከበራም አንዴ የይለፍ ቁጥሩን አስገብተው ይክፈቱት፤ አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ከዚያ በፊት አይነሱም።

ኔትወርክ ሲቆራረጥ ብቻ ከጠፋ

«Airplane mode» አብርተው፣ ዋይፋዩም ጠፍቶ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ እንዲጮህ ይሙሉ። ከጮኸ ማስታወሻው ስልኩ ላይ ተቀምጧል፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ካልጮኸ ጥሪው የሚመጣው ከሰርቨር ነውና ሌላ መተግበሪያ ይጠቀሙ። ካላንደር መካከል ላይ ነው፦ ኮምፒውተር ላይ የተሞላው ቀጠሮ አንዴ ስልኩ ላይ ከወረደ በኋላ ያለ ዳታም ይጮኻል። ስለዚህ ዳታ ባለበት ሰዓት ካላንደሩን በስልኩ ከፍተው ቀጠሮው መታየቱን ያረጋግጡ።

ሊያመልጥ ለማይገባው ግን የስልኩን የራሱን «Clock» አላርም ይምረጡ፤ አንድሮይድ ስልኩ ቢያንቀላፋም ለአላርም ይነቃል። እዚያ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ የቀኑ 6 ሰዓት በስልኩ አቆጣጠር 12:00 PM ነው። 12:00 AM ብሎ የሞላ ሰው ቡናው ፀሐይ ላይ ይውላል፣ እሱ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ይቀሰቀሳል።